የተንጠለጠለ ችግርን ለክፍል ኃላፊ እንዴት እንጻፍ?

በአንድ የወረዳ ሆስፒታል የክትባት ክፍል ውስጥ ያለን ማቀዝቀዣ እንውሰድ። ለማብራሪያ ያሰናዳሁት ምሳሌ ነው፤ በጤና ተቋም የሠራ ሰው ግን ወዲያው ያውቀዋል። ክትባቶች መቀመጥ ያለባቸው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። ነርሷ በየቀኑ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩን እያየች በሩ ላይ የተለጠፈውን የሙቀት መከታተያ ቅጽ ትሞላለች። ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ቁጥሩ አንድ ቀን 9፣ ሌላ ቀን 10 ይል ጀመር። ለባዮሜዲካል ባለሙያው በቃል ነገረችው፣ የጥገና መጠየቂያ ቅጽም ሞላች። ባለሙያው መጥቶ አየው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ባለበት ቆመ። ሁለት ሳምንት ሲያልፍ ለእናቶችና ሕፃናት ጤና ክፍል ኃላፊ ከመጻፍ ሌላ መንገድ አልቀራትም።

አንድ ነገር ግን ከደብዳቤው ይቀድማል። ሙቀቱ ከልኩ ባለፈበት ጠዋት ክትባቶቹ ወደሚሠራ ማቀዝቀዣ መዛወር፣ ለብቻቸው መቀመጥ፣ ውሳኔ እስኪሰጥባቸው ድረስም ለማንም ሕፃን እንዳይሰጡ ምልክት ሊደረግባቸው ይገባል። ለክትባት አስተባባሪው በዚያው ቀን በስልክ ይነገራል። ደብዳቤ ድንገተኛ አደጋን አያቆምም። ደብዳቤ የሚጻፈው አደጋውን የሚያመጣው ነገር ሳይፈታ እየተጓተተ ስለሆነ ነው።

አሁን ነርሷ ስትቀመጥ መጀመሪያ እጇ ላይ የሚመጣው ዓረፍተ ነገር ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም፦ «የባዮሜዲካል ክፍሉ በተደጋጋሚ ተነግሮት በቸልተኝነት ማቀዝቀዣውን ሊጠግን ፈቃደኛ አልሆነም።» ለሁለት ሳምንት የተቃጠለ ሰው ይህን ቢጽፍ አይፈረድበትም። ችግሩ ዓረፍተ ነገሩ ኃላፊውን ወዴት እንደሚመራው ነው። «ቸልተኝነት» እና «ፈቃደኛ አልሆነም» የሚሉትን ያነበበ ኃላፊ መጀመሪያ የሚያደርገው ባለሙያውን መጥራት ነው። ባለሙያው ራሱን ይከላከላል፣ ነርሷ ትጠራለች፣ አስተባባሪው ያስታርቃል፤ ሳምንቱ በዚህ ያልቃል። ማቀዝቀዣው እዚያው 10 ዲግሪ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜ ደግሞ ነገሩ የተያዘው የምንወቅሰው ሰው ዘንድ አይደለም። ለሳምንታት የሚንጠለጠል ጉዳይ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ክፍሎች መካከል የቀረ ጉዳይ ነው፤ አንዱ ድርሻዬን ጨርሻለሁ ይላል፣ ሌላው ገና አልደረሰኝም ይላል። ወደ ኃላፊ መውሰድ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። ነርሷ ለግዥ ክፍል ማዘዝ አትችልም፣ ባለሙያውም አይችልም፤ ኃላፊው ግን ለግዥ ኃላፊ ስልክ አንስቶ ሊነጋገር ወይም ሊጽፍ ይችላል። ስለዚህ የደብዳቤው ሥራ ማን እንዳጠፋ ማሳየት ሳይሆን ነገሩ የት ላይ እንደቆመና ኃላፊው በየትኛው ሥልጣኑ ሊያንቀሳቅሰው እንደሚችል ማሳየት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው መረጃ አብዛኛው በክፍሉ ውስጥ አለ። የሙቀት መከታተያው ቅጽ አለ። የጥገና መጠየቂያው ቅጽ ቀሪ ኮፒ አለ። በማቀዝቀዣው ውስጥም በብዙ ቦታ ሙቀቱን ሌት ተቀን የሚመዘግብ፣ የመጨረሻዎቹን 30 ቀናት ታሪክ የሚይዝ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ መሣሪያ አለ። ይህ መሣሪያ ሙቀቱ ሳያቋርጥ ለ10 ሰዓት ከ8 ዲግሪ በላይ ሲቆይ፣ ወይም ለ60 ደቂቃ ከዜሮ በታች 0.5 ዲግሪና ከዚያ በታች ሲሆን የማንቂያ ምልክት ያሳያል። ነርሷ ጠዋት 2፡00 ሰዓት ላይ ያየችው ቁጥር የዚያችን ደቂቃ ብቻ ነው የሚነግራት፤ ሌሊቱን ምን እንደነበረ የሚያውቀው መሣሪያው ነው።

እዚህ ላይ በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ አለ። መሣሪያው የሚያሳየው በፈረንጆች ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። የሙቀት ቅጹ ደግሞ በእኛ ቀን ይሞላል። በመሣሪያው ላይ 13/01/2025 19:00 የሚለው በእኛ ጥር 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 1፡00 ሰዓት ነው። ሁለቱን ሳያስማሙ ደብዳቤ ላይ ያሰፈሩ ሰዎች ማንቂያው ከተላለፈው የጥገና ጥያቄ በፊት ይሁን በኋላ ኃላፊው እንዳይገባው ያደርጋሉ፤ አንድ ቀን ከተሳሳተ ደግሞ የቀረውም ሁሉ ይጠረጠራል። ሁሉንም ወደ እኛ ቀንና ሰዓት መልሶ መጻፍ፣ የመሣሪያውን ፎቶግራፍ ደግሞ በአባሪ ማያያዝ ይበቃል።

ቀኖቹ ከተሰበሰቡ በኋላ የሚከብደው ያየነውን ከገመትነው መለየት ነው። «ቴርሞስታቱ ተበላሽቷል» የሚለው ግምት ነው። ሙቀት የሚጨምረው በሩ በደንብ ስለማይገጥም፣ መብራት ስለጠፋ፣ ከኋላው ያለው ክፍል አቧራ ስለያዘ፣ ወይም በሩ ቶሎ ቶሎ ስለሚከፈት ሊሆን ይችላል። ነርሷ ያየችው ግን ሌላ ነው፦ በሩ ተዘግቶ ሳለ በታችኛው ጥግ በኩል ወረቀት ያለ ምንም መያዝ ሾልኮ ይወጣል። ይህን መጻፍ ትችላለች፤ ማንም ሊክደው አይችልም፣ ሄዶም ማየት ይቻላል።

«ክትባቶቹ ተበላሽተዋል» የሚለውም እንዲሁ ነው። በብዙ የክትባት ብልቃጦች ላይ ሙቀት ሲያገኛት ቀለሟን የምትቀይር ምልክት አለች፤ ክብ ውስጥ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን ነች። አራት ማዕዘኗ ከዙሪያዋ ካለው ክብ የፈዘዘች እስከሆነች ድረስ በሙቀት በኩል ብልቃጡ አገልግሎት ይሰጣል፤ ቀለሟ ከክቡ ጋር ከተመሳሰለ ወይም ከጠቆረ ይወገዳል። ምልክቷ ግን ቅዝቃዜን አታሳይም፤ እንደ ፔንታቫለንት ያሉ በረዶ የማይወዱ ክትባቶች ቀዝቅዘው ከረጉ ምልክቷ ጤናማ መስላ ክትባቱ ከጥቅም ውጭ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ምልክቱን አይተናል፣ ሁሉም የፈዘዙ ናቸው፣ ለብቻ አስቀምጠናል፣ ውሳኔ እንጠብቃለን» ብሎ መጻፍ እውነቱን ከነልኩ ማቅረብ ነው። ጉዳቱን ከፍ አድርጎ መጻፍ ለጊዜው ያስደነግጥ ይሆናል፤ ተጣርቶ ልክ አለመሆኑ ሲታወቅ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ደብዳቤ ሰሚ ያጣል።

የራስንም ክፍተት አብሮ መጻፍ ያስፈልጋል። በሙቀት ቅጹ ላይ ቅዳሜና እሑድ ሳይሞላ የቀረ ሊኖር ይችላል። ኃላፊው ቅጹን ሲያይ ባዶዎቹን ሳጥኖች ማየቱ አይቀርም፤ በደብዳቤው ላይ ቀድሞ ካነበበው ግን ነገሩን ለማድበስበስ እንዳልተፈለገ ያውቃል። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፤ ማሳበቢያም ይቅርታም አይጨመርበትም።

ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው እርምጃ ግን ብዙ ሰው የሚዘለው ነው፤ ይኸውም ደብዳቤው ከመውጣቱ በፊት ጉዳዩ የሚነካውን ሰው ማነጋገር ነው። ነርሷ ወደ ባለሙያው ወርዳ እንዲህ ልትለው ትችላለች፦

«ኢንጂነር፣ የማቀዝቀዣውን ነገር ለኃላፊያችን ልጽፍ ነው። እርስዎን ለመክሰስ አይደለም፣ በኛ አቅም አልሆን ስላለ ነው። ቀኖቹን በትክክል ጽፌ እንደሆነ እስኪ ይዩልኝ።»

ባለሙያው ወረቀቱን ተቀብሎ ያየዋል። «እህቴ፣ ታኅሣሥ 23 መጥቼ ማየቴን ጽፈሻል፣ ጥሩ። ግን በማግስቱ ለበሩ ጎማ ግዥ መጠየቄን አልጻፍሽም። ኮፒው ይኸውልሽ። ከዚያ ወዲህ እኔም መልስ አላገኘሁም።»

በዚህች አጭር ንግግር ጉዳዩ መልኩን ይቀይራል። ነርሷ ባለሙያው ዝም ብሏል ብላ ስታስብ ጥያቄው ለካ ግዥ ክፍል ነው ያለው። ይህን ሳታውቅ ጽፋ ቢሆን ኃላፊው ጉዳዩን ያልያዘውን ሰው ይጠይቅ ነበር። ባለሙያውም አሁን የተከሰሰ ሳይሆን የምስክርነት ወረቀት የሰጠ ሰው ሆኗል፤ ኃላፊው ሲጠራው የሚናገረው ደብዳቤው ከሚለው ጋር አንድ ነው። ሰውየው ለመነጋገር ፈቃደኛ ባይሆን እንኳ መነገሩ አይቀርም፤ ከኃላፊ አፍ ድንገት ከሚሰማው ይሻላል።

በየመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ስላለ ነገሩን እዚያ ላይ ማንሳት ይቀናል። አይመከርም። ኃላፊው፣ ባለሙያው፣ የጥበቃና የጽዳት ሠራተኞች ሳይቀሩ ባሉበት ግሩፕ ላይ «ማቀዝቀዣው እስካሁን አልተሠራም» ተብሎ ሲጻፍ ቃሉ ምንም ያህል ለስላሳ ቢሆን በአደባባይ መውቀስ ነው። መልሱም ስለ ማቀዝቀዣው መሆኑ ይቀርና ስለ ክብር ይሆናል።

እነዚህ ከተሟሉ ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ቀን፦ ጥር 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእናቶችና ሕፃናት ጤና ክፍል ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የክትባት ማቀዝቀዣ የበር ጎማ ግዥ እንዲፈጸምና ጊዜያዊ መደርደሪያ እንዲፈቀድ ስለመጠየቅ

በክትባት ክፍል የሚገኘው ማቀዝቀዣ ከታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ልክ ውስጥ ሊቆይ አልቻለም። ከጥር 5 ቀን ከምሽቱ 1፡00 ሰዓት እስከ ጥር 6 ቀን ከጠዋቱ 1፡30 ሰዓት ድረስ ለ12 ሰዓት ተኩል ከ8 ዲግሪ በላይ ሆኖ ቆይቷል፤ ከፍተኛው 11.4 ዲግሪ ነበር። በዚያው ጠዋት ክትባቶቹ ወደ መድኃኒት ክፍል ማቀዝቀዣ ተዛውረው ለብቻ ተቀምጠዋል። በብልቃጦቹ ላይ ያለው የሙቀት ምልክት ታይቶ ሁሉም ለአገልግሎት በሚፈቀደው ደረጃ ላይ ናቸው፤ ይሁንና ከክትባት አስተባባሪው ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ አልተሰጡም።

እስካሁን የተደረገው፦ ታኅሣሥ 18 ቀን ለባዮሜዲካል ክፍል በቃል ተነግሯል። ታኅሣሥ 21 ቀን የጥገና መጠየቂያ ቅጽ ቀርቧል። ታኅሣሥ 23 ቀን ባለሙያው ማቀዝቀዣውን አይቶ የበሩ ጎማ እንደማይገጥም አረጋግጧል። ታኅሣሥ 24 ቀን ከባዮሜዲካል ክፍል ለግዥ ክፍል የጎማ ግዥ ጥያቄ ቀርቧል። ጥር 1 ቀን ሁለተኛ የጥገና መጠየቂያ ቅጽ ቀርቧል። የግዥ ጥያቄው ያለበትን ደረጃ እስከ ዛሬ ማወቅ አልተቻለም። በሙቀት መከታተያው ቅጽ ላይ ታኅሣሥ 26 እና 27 ቀን ያልተሞላ መሆኑን እንገልጻለን።

ውሳኔው እንደተሰጠ በክትባት ቀናት ክትባቱን ከመድኃኒት ክፍል በክትባት መያዣ እያመላለስን እንሰጣለን። የመድኃኒት ክፍሉ ማቀዝቀዣ ግን ለሌሎች መድኃኒቶችም ስለሚያገለግል ቦታው ጠባብ ነው።

ስለዚህ የግዥ ጥያቄው እንዲፈጸም ለግዥ ክፍል እንዲጻፍልን፣ እስከዚያውም የመድኃኒት ክፍሉ ማቀዝቀዣ አንድ መደርደሪያ ለክትባት ብቻ እንዲፈቀድልን እንጠይቃለን። ጥር 10 እና 11 ቀን የከተራና የጥምቀት በዓል በመሆኑ ስለ መደርደሪያው እስከ ዓርብ ጥር 9 ቀን ውሳኔ ብናገኝ ከበዓሉ በፊት ክትባቶቹን በሥርዓት ማስቀመጥ እንችላለን።

አባሪ፦ የሙቀት መከታተያ ቅጽ፣ የመሣሪያው ፎቶግራፍ፣ የጥገና መጠየቂያ ቅጾች፣ የግዥ ጥያቄው ኮፒ

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለባዮሜዲካል ክፍል

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የማንም ስም የለም፣ ማን ምን እንደሠራ ግን አልተደበቀም። ጥያቄው ለየትኛው ክፍል በየትኛው ቀን እንደቀረበ ተጽፏል። ይህ መለየት አለበት፤ አንዳንድ ሰው ላለመውቀስ ሲል «ለሚመለከተው አካል ተነግሮ ምላሽ አልተገኘም» ብቻ ይላል፤ ኃላፊው ግን ለማን ደውሎ ይጠይቅ? ክፍልንና ቀንን መጥቀስ ወቀሳ አይደለም። ወቀሳ የሚሆነው ምክንያቱን ለሰውየው ስንሰጥለት ነው፦ «ሆን ብሎ»፣ «በንቀት»፣ «እንደተለመደው»፣ «እስከመቼ» የሚሉት ቃላት ስለ ማቀዝቀዣው ምንም አይናገሩም። «በተደጋጋሚ» የሚለውም ቢሆን ቀኖቹ ከተዘረዘሩ አያስፈልግም፤ አንባቢው ራሱ ይቆጥራል።

«ማወቅ አልተቻለም» የሚለውን አባባል ደግሞ ልብ ይሏል። ነርሷ ግዥ ክፍል ጥያቄውን ቸል እንዳለው አታውቅም፤ ምናልባት ገበያ ላይ ዋጋ እየጠየቁ ይሆናል፣ ምናልባት በጀቱ አልተፈቀደም። የምታውቀው ምንም አለመስማቷን ነው፤ የጻፈችውም እሱኑ ነው። ግዥ ክፍሉ ነገ «ትናንት ገዝተናል» ቢል እንኳ ደብዳቤዋ ሐሰት አይሆንም።

ጥያቄው በ«ጉዳዩ» መስመር ላይ መቀመጡም በአጋጣሚ አይደለም። «ስለ ማቀዝቀዣው ችግር» የሚል ርዕስ ኃላፊው ምን ይጠበቅበት እንደሆነ አይነግረውም፤ ጠረጴዛው ላይ ካሉት ደብዳቤዎች መካከል እንዲህ ያለው ብዙ ጊዜ «ለባዮሜዲካል ይመራ» ተብሎ ተፈርሞበት ከመጣበት ቦታ ይመለሳል። ነገሩ ሁለት ሳምንት ወደቆመበት ማለት ነው። የሚጠየቀው ነገር ደግሞ በኃላፊው እጅ ያለ መሆን አለበት። አዲስ ማቀዝቀዣ ይገዛልን ማለት ከእሱ በላይ የሚወሰን ሊሆን ይችላል፤ ለግዥ ክፍል መጻፍና አንድ መደርደሪያ ማስፈቀድ ግን የዛሬ ሥራው ነው። ቀነ ገደቡም ከነምክንያቱ ስለቀረበ ትእዛዝ አይመስልም። «በአስቸኳይ» ብቻ ከሚል ጥምቀትን የጠቀሰው ይበልጥ ያስቸኩላል።

ግልባጩን በተመለከተ ጥንቃቄ ያሻል። ለባዮሜዲካል ክፍል ግልባጭ መላክ ተገቢ ነው፣ የተጻፈው ስለእነሱም ነውና። በዚህ ደረጃ ለሥራ አስኪያጁ ወይም ለሜዲካል ዳይሬክተሩ ግልባጭ ማድረግ ግን ኃላፊውን ገና ዕድል ሳያገኝ እንደመክሰስ ይቆጠራል፤ ብዙ ኃላፊ ከችግሩ ይልቅ መከሰሱን ያስታውሳል።

ደብዳቤው በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ ተደርጎ ቁጥርና ቀን ሊይዝ ይገባል። እጅ በእጅ ከተሰጠም ቀሪው ላይ የተቀባዩ ፊርማ ይወሰዳል። ከዚያ ኃላፊው ምናልባት በኮሪደር ላይ አግኝቶ «ነግሬያቸዋለሁ፣ ይሠራል» ይላታል። ይህ ጥሩ ዜና ነው፤ በቃል ብቻ ከቀረ ግን በበዓል ማግስት ይረሳል። በዚያው ቀን ሁለት መስመር መጻፍ ይበቃል፦ «ዛሬ በነገሩኝ መሠረት ለግዥ ክፍል መነገሩንና አንድ መደርደሪያ መፈቀዱን ተረድቻለሁ። ከነገ ጀምሮ ክትባቶቹን በዚያ እናስቀምጣለን።» ኃላፊው ያላለው ነገር ካለ ያርማል፤ ካለም ተመዝግቦ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ደብዳቤ የማይመጥናቸው ጉዳዮች አሉ። ነገሩ የክትባቶች መጥፋት፣ የሐሰት ቁጥር መሙላት ወይም ሠራተኛን ማስፈራራት ከሆነ የሰው ሥራ ራሱ ጉዳዩ ነውና ቀድሞ ያንን ሰው ማነጋገር ማስረጃ ሊያጠፋ ይችላል። ያ በሥነ ምግባር ክፍል ወይም በቅሬታ ሰሚ በኩል የሚሄድ ሌላ መንገድ ነው።

ዓርብ ጥር 9 ቀን ምንም መልስ ሳይመጣ ቢያልፍስ? ነርሷ መጀመሪያ ኃላፊውን በአካል አግኝታ ትጠይቃለች። ከበዓሉ በኋላም ዝም ከተባለ ሁለተኛ ደብዳቤ ትጽፋለች፤ ግን የመጀመሪያውን አትደግመውም። «በቁጥር ይህን ያህል፣ ጥር 7 ቀን የቀረበውን ደብዳቤ ይመለከታል» ብላ ትጀምራለች፣ ከዚያ ወዲህ የታዩትን አዲስ የሙቀት ቁጥሮችና አዲስ የተደረገ ነገር ካለ ትጨምራለች፣ ያንኑ ጥያቄ ታቀርባለች። ጉዳዩ ወደ ሜዲካል ዳይሬክተሩ መሄድ ካለበት በዚህኛው ደብዳቤ ግልባጭ ታደርጋለች፤ ከመላኳ በፊትም ለኃላፊው እንዲህ ትነግረዋለች፦ «ከዚህ በላይ መቆየት ስለማይችል ለዳይሬክተሩም ግልባጭ ላደርግ ነው፤ እርስዎ የሚጨምሩት ነገር ካለ ልጻፈው።»